ስለ «ባና» ግጥም የጻፍኩት መልስ ከ10 4 ብቻ አገኘ፤ ምኑ ጎደለ?

የላሎ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። 12ኛ ክፍል ነኝ፣ የምማረው መንዝ ነው። ባለፈው ሳምንት በአማርኛ ሞዴል ፈተና ላይ ያላየነው ግጥም ወጣ። ግጥሙን መምህራችን ራሳቸው ለፈተናው ብለው ነው የጻፉት። ስለዚህ ማንም ቀድሞ ሊያጠናው አይችልም ነበር። ግጥሙ ይኸው፦

ባና

ጉሙ ከገደሉ፣ ወጣ እንደ በግ ጠጉር፣
እናቴ ደጃፍ ላይ፣ እንዝርቷን ስታሾር።
መንገዱ ቀጠነ፣ ክር ሆነ እጇ ላይ፣
ልጇን የወሰደው፣ ያ ቁልቁለት ነው ወይ?
ክሩን ጠቀለለች፣ መንገዱን ሰብስባ፣
እግሩ እንዳይደክመው፣ ሲመለስ ሲገባ።
«ባናው አለቀልህ፣ ሰፊ ነው ለሁለት፣
ብርዱን አንተ አምጣው፣ እኔ አለኝ ሙቀት።»

ጥያቄው ደግሞ እንዲህ ይላል። ከ120 ቃል ባልበለጠ አንድ አንቀጽ፣ ሁለት ምስሎችን መርጣችሁ ምን እንደሚያሳዩ አስረዱ (4 ነጥብ)፣ የግጥሙን ድምጸት ለይታችሁ የት እንደሚለወጥ አሳዩ (3 ነጥብ)፣ ጭብጡን ግለጹ (3 ነጥብ)። የተሰጠን 20 ደቂቃ ነው።

እኔ የጻፍኩት ይህ ነው፦

«ይህ ግጥም ስለ አንዲት እናት ነው። እናትየዋ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ እንዝርት ታሾራለች። ልጇ ርቆ ሄዷል። ጉም ወጥቷል። እሷም ክሩን ትጠቀልላለች። ከዚያም ባና ሠርታ ትጠብቀዋለች። ገጣሚው ‹እንደ በግ ጠጉር› ሲል ተነጻጻሪ ዘይቤ ተጠቅሟል። ‹መንገዱ ክር ሆነ› ሲል ደግሞ ተለዋጭ ዘይቤ ተጠቅሟል። እነዚህ ዘይቤዎች ግጥሙን ውብ አድርገውታል። የግጥሙ ድምጸት ሀዘን ነው። ጭብጡ ስደት ነው።»

ለምስል 2፣ ለድምጸት 1፣ ለጭብጥ 1 ተሰጠኝ። ጠርዙ ላይ «አትተርኪ» የሚል ብቻ ተጽፏል። ሌላ ሞዴል ፈተና በቅርቡ አለብን። ዘይቤዎቹን በትክክል የለየሁ ይመስለኛል። ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው?

ጌራ ምድር

እኔም ዘንድሮ ተፈታኝ ነኝ። ያንቺ ችግር ዘይቤ ማነሱ ነው። ሁለት ብቻ ጠቀስሽ። ሦስት አራት ብትጠቅሺ ኖሮ ነጥቡ ይጨምር ነበር። ቤት አመታቱን አልነካሽውም። ግጥሙ ወል ቤት ነው፣ ስድስት ስድስት ቀለም። እሱን መጻፍ ነበረብሽ። እኔ ባለፈው እንዲህ ባለ ጥያቄ 7 አግኝቻለሁ፣ ምጣኔውን ሁሉ ቆጥሬ ነው የጻፍኩት። ደግሞ ስንኙን ከግጥሙ እየቀነጨብሽ በትእምርተ ጥቅስ አስገቢ። ሳትጠቅሺ የምትናገሪውን አራሚ አያምንሽም።

ምንጃር

ይህን ግጥም በቃላችን እንያዘው ወይ? ለብሔራዊ ፈተና ይመጣል ማለት ነው?

ጥቁር ሰሌዳ

ምንጃር፣ አይመጣም። መምህሩ ለአንድ ክፍል የጻፉት ግጥም ነው። ያላዩት ግጥም የሚሰጠው በቃል የተያዘ መልስ እንዳይጻፍ ነው።

የላሎ ልጅ፣ ግጥሙ በደንብ ገብቶሻል። ከመልስሽ ያስታውቃል። እኔ ደብረ ብርሃን ለብዙ ዓመት አማርኛ አስተምሬአለሁ፤ እንዲህ ያለ ወረቀትም ብዙ አርሜአለሁ። የተሰጠሽ ነጥብ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱን ላስረዳሽ።

የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓረፍተ ነገሮች ተመልከቺ። ሁሉም ግጥሙን መልሰው ይተርካሉ። አራሚው ግጥሙ ፊቱ ነው ያለው። እናትየዋ እንዝርት እንደምታሾር ያውቃል። ለዚያ ክፍል አንድም ነጥብ የለም፤ ግን የመልስሽን ግማሽ ገደማ በላብሽ። «አትተርኪ» የተባልሽው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ዘይቤዎቹን ሰየምሽ። ስያሜው ትክክል ነው። 2 ያገኘሽው በሱ ይመስለኛል። ጥያቄው ግን «ምን እንደሚያሳዩ አስረዱ» ይላል። አንቺ የሰጠሽው ማስረጃ «ግጥሙን ውብ አድርገውታል» የሚል ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ከመልስሽ ቆርጠሽ በሌላ በማንኛውም ግጥም ሥር ለጥፊው። ልክ ሆኖ ይቀመጣል። ለየትኛውም ግጥም የሚሆን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ስለዚህ ግጥም ምንም አልተናገረም ማለት ነው። ጌራ ምድር እንዳለው ሦስትና አራት ዘይቤ ብትጨምሪም ያው ይደገማል። ሁለት ምስል ተጠየቅሽ፣ ሁለት ብቻ ጻፊ። ምጣኔውም አልተጠየቀም። ስለ መጥቀስ ያለው ግን ትክክል ነው፣ ያዢው።

አንዱን ምስል አብረን እንሥራው። «መንገዱ ቀጠነ፣ ክር ሆነ እጇ ላይ» የሚለውን። መጀመሪያ ዓይንሽ ምን ያያል? ከፍ ካለ ደጃፍ ሆነሽ ቁልቁል የሚወርድ መንገድ ስታዪ እየራቀ ይቀጥናል። እናትየዋ ደግሞ በእጇ ክር ይዛለች። ሩቁ መንገድና የእጇ ክር በዓይን ላይ አንድ ሆኑ። እስካሁን ሥዕሉን ብቻ ነው ያየነው። አሁን ጠይቂ፦ ለዚህች ሴት፣ በዚህ ሰዓት፣ ለምን ይህ ሥዕል ተሰጣት? መንገዱ ልጇን የወሰደ ነገር ነው። ልታዝዘው አትችልም። ክር ሲሆን ግን እጇ ገባ። ወረድ ብለሽ አምስተኛውን ስንኝ አንብቢ፣ «ክሩን ጠቀለለች፣ መንገዱን ሰብስባ»። ክሩን ስትጠቀልል መንገዱን እያሳጠረች ነው። ልጇን እየሳበችው ነው።

በፈተና ወረቀት ላይ ይህ ሁሉ አይጻፍም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፦

«‹መንገዱ ቀጠነ፣ ክር ሆነ እጇ ላይ› የሚለው ምስል ልጇን የወሰደውን ሩቅ መንገድ እናትየዋ እጅ ላይ ያስገባዋል። ክሩን ስትጠቀልል መንገዱንም ታሳጥራለች፤ ስለዚህ ፈትሉ ልጇን ወደ ቤት የመሳብ ሥራ ይሆናል።»

እዚህ ውስጥ «ተለዋጭ ዘይቤ» የሚል ቃል እንደሌለ ልብ በዪ። ቢገባ አይጎዳም። ባይገባም ነጥቡ አይቀነስም።

ድምጸቱ ላይ «ሀዘን» አልሽ። እስኪ ግጥሙ ውስጥ የሀዘን ቃል ፈልጊ። እንባ የለም። «ወዮ» የለም። አንቺን አሳዝኖሽ ይሆናል፤ ያ ያንቺ ስሜት ነው። ድምጸት የተናጋሪው ነው። ስለዚህ አስቀድመሽ የምትጠይቂው «ማን ነው የሚናገረው?» ብለሽ ነው። አንደኛው ስንኝ ላይ ጉሙን የሚያየው፣ ሁለተኛው ላይ «እናቴ» የሚለው የቤቱ ልጅ ነው። ሰባተኛው ላይ ደግሞ «አለቀልህ» የምትለው እናትየዋ ራሷ ናት። ሁለት ሰው ይናገራል። የፈታኙ «የት እንደሚለወጥ አሳዩ» የሚለው ትእዛዝ እዚህ ቦታ ላይ ነው ያነጣጠረው። በአንድ ቃል የተጻፈ ድምጸት ለውጡን ሊያሳይ አይችልም። 1 ብቻ ያገኘሽው ለዚህ ነው።

«ስደት» ደግሞ ግጥሙ የሚያነሳው ጉዳይ ነው። ጭብጥ ግጥሙ ስለዚያ ጉዳይ የሚለው ነገር ነው። ስለዚህ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል። የሱን ነገር ላንቺ ልተወው። ቃሉንም እንደ ነጥቡ አከፋፍዪው። ለምስል 50 ቃል ገደማ፣ ለሌሎቹ ለእያንዳንዳቸው 30 ገደማ። ከ20 ደቂቃውም አምስቱን ብዕር ሳታነሺ አንብቢበት፤ ሁለተኛው ንባብ ላይ ማን እንደሚናገር ብቻ ተከታተዪ።

ቦሌ

ጥያቄ አለኝ። ጉም ከላይ ይወርዳል እንጂ ከገደል ይወጣል እንዴ? ገጣሚው ቤት እንዲመታለት ብሎ የገለበጠው መሰለኝ።

ጣርማ በር

ወንድሜ፣ እኛ ጋ ይወጣል። ጣርማ በር ጫፍ ላይ ብትቆም ከሥርህ ደብረ ሲና ነው፣ ከዚያ ወዲያ ቆላው። ጉሙ ከታች ከገደሉ ተነስቶ ሽቅብ ይመጣል። በክረምት ቀትር ላይ ሳይቀር መኪና መብራት አብርቶ ነው የሚያልፈው። አስፋልቱ ከፊትህ ጥቂት ሜትር ታይቶ ይጠፋል። ገጣሚው ምንም አልገለበጠም። ያየውን ነው የጻፈው።

እንዝርት

ልጆቼ፣ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ስለ ባና የምትነጋገሩ መስሎኝ ገባሁ። እኔ የበግ ጠጉር ስፈትል ነው ያረጀሁት። በጉ ይሸለታል፣ ጠጉሩ ይታጠባል፣ ከዚያ እንፈትላለን። ለአንድ ባና የሚበቃ ፈትል ቁጭ ተብሎ በአንድ ቀን አያልቅም። ሸማኔውም ወንድ ነው፣ እኛ ሴቶቹ አንሸምንም። እዚህ ግጥም ላይ ሴትዮዋ ስትፈትል ቆይታ ወዲያው «ባናው አለቀልህ» ትላለች። ሸማኔው የት ሄደ? ፈትላ ለሸማኔ ሰጥታ፣ ተሸምኖ እስኪመጣ ጊዜ አለው። ይህን የጻፈው ሰው ፈትል አያውቅም ወይስ ዘሎት ነው? ደግሞ ዛሬ ልጆቹ ባናን ትተው የፋብሪካ ብርድ ልብስ ነው የሚገዙት፤ ይህም ያሳዝነኛል።

ጥቁር ሰሌዳ

እትዬ፣ በጣም ጥሩ ነገር አመጡ። የላሎ ልጅ፣ እትዬ ያሉትን ልብ በዪ። ስድስተኛው ስንኝ ላይ ገና ክር ነው። ሰባተኛው ላይ ባናው አልቋል። በመካከሉ ሽመና አለ፣ ጊዜ አለ፣ ግጥሙ ዘሎታል። ስለዚህ በሁለቱ ስንኞች መካከል ብዙ ጊዜ አልፏል። ልጁ ግን አሁንም አልመጣም። እናትየዋ በዚያ ሁሉ ጊዜ አልሰለቸችም። ድምጸቱ የሚለወጠው ይህ ሁሉ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው ማለት ነው። ይህን በአንድ ሐረግ ያስገባ ተማሪ ከኔ ሙሉ ነጥብ ያገኛል።

የጣርማ በሩም መልስ ይጠቅምሻል። አንደኛው ስንኝ ላይ ጉሙ ከገደሉ «ወጣ»። አራተኛው ላይ ልጁ በ«ቁልቁለት» ሄደ። ልጁ ወረደ፣ ጉሙ ወጣ። የወሰደው ገደል የመለሰው ጉም ብቻ ነው። ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። «እኛ አገር ጉም ብዙ ነው» ብለሽ ብትጽፊ ነጥብ የለውም። የአገርሽን እውቀት ከግጥሙ ቃል ጋር ካላሰርሽው መልስ አይሆንም።

ቅኔ ቤት

ሁላችሁም ሰሙን ብቻ ነው የያዛችሁት። ወርቁ ሌላ ነው። ቁልቁለት መቃብር ነው። ልጁ ሞቷል። «ብርዱን አንተ አምጣው» ስትል የመቃብሩን ብርድ ማለቷ ነው። ባናውም መገነዣ ነው። እናቲቱ ሞቱን አልቀበል ብላ ነው የምትፈትለው። ጭብጡ ሞት ነው ብላ ብትጽፍ ሙሉ ነጥብ ማግኘት ነበረባት።

ጥቁር ሰሌዳ

ወንድሜ፣ ቁልቁለቱንና ብርዱን ያየህበት ዓይን ጥሩ ነው። ግን ንባብህን በስድስተኛው ስንኝ ፈትነው። «እግሩ እንዳይደክመው፣ ሲመለስ ሲገባ» ይላል። የሚደክም እግር፣ የሚመለስ ልጅ አለ። በቅኔ ሰሙና ወርቁ ብዙ ጊዜ በአንድ ቃል ላይ ይገናኛሉ። እዚህ ሁለቱን የሚሸከም ቃል አላገኘሁም። ባናው ደግሞ «ለሁለት» የሚሰፋ ነው። መገነዣ ለሁለት አይሰፋም። በ120 ቃል ውስጥ ለዚህ የሚያሳምን ማስረጃ ማቅረብ ይከብዳል። «እናትየዋ ሞቱን አልቀበል ብላ» የሚለው ግን ሊቆም ይችላል፤ ሙት መሆኑን ሳትወስን፣ ልጁ የመመለሱ ነገር እርግጠኛ አይደለም ብለህ ካለዘብከው።

ቅኔ ቤት

«ሲመለስ» የምትለው እሷ ናት፣ መመለሱን ግጥሙ አላረጋገጠም። እኔ አቋሜን አልቀይርም። ማለዘቡን ግን እቀበላለሁ።

የላሎ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እትዬ፣ ሸማኔው ያሉት ነገር ጨርሶ አልታየኝም ነበር። ዛሬ ማታ ሰዓት ይዤ እንደገና ጻፍኩት። እስኪ እዩልኝ፦

«‹ጉሙ ከገደሉ፣ ወጣ እንደ በግ ጠጉር› የሚለው ምስል ልጁ በወረደበት በኩል ጉም ብቻ ሲመለስ ያሳያል። ጉሙ የበግ ጠጉር መምሰሉ እናትየዋ እሱኑ የምትፈትል ያስመስላታል፤ መንገዱን የሚሸፍንባትን ነገር ወደ ሥራ ትለውጠዋለች። ‹መንገዱ ቀጠነ፣ ክር ሆነ እጇ ላይ› ሲል ሩቁ መንገድ እጇ ይገባል፣ ስትጠቀልለውም ያጥራል። ስድስቱን ስንኞች የሚናገረው የቤቱ ልጅ ነው። ‹ያ ቁልቁለት ነው ወይ?› የሚለው ጥያቄ ድምጸቱ ናፍቆትና ስጋት እንዳለበት ያሳያል። ፈትሉ ባና እስኪሆን ጊዜ ካለፈ በኋላ፣ በሰባተኛው ስንኝ እናትየዋ ራሷ ‹አለቀልህ› ስትል ድምጸቱ ወደ እርግጠኝነትና ፍቅር ይለወጣል። ግጥሙ የሚለው፣ እናት ልጇን የምትጠብቀው ቁጭ ብላ በማልቀስ ሳይሆን የሚመለስበትን ሙቀት በእጇ በመሥራት እንደሆነ ነው።»

ጥቁር ሰሌዳ

እኔ ባርመው 9 እሰጠዋለሁ። ጉሙን ጠጉር አድርጋ ትፈትላለች ያልሽው ከኔ የተሻለ ንባብ ነው። እኔ ያየሁት መውጣትና መውረዱን ብቻ ነበር።

አንዷን ነጥብ የያዝኩት «ፍቅር» በሚለው ላይ ነው። የእናት ፍቅር የሌለበት የእናት ግጥም ጥቂት ነው። ምን ዓይነት ፍቅር? «ብርዱን አንተ አምጣው» የሚለውን ጮክ ብለሽ አንብቢው። ትእዛዝ ነው። የቤታችን እናቶች ልጅ ሲቆይባቸው የሚናገሩበት ዓይነት ነው፤ ቆጣ ያለ፣ ግን በሩን ከፍቶ የሚጠብቅ። «‹አንተ አምጣው› በሚለው ትእዛዝ ውስጥ ቆጣ ያለ ፍቅር ይሰማል» ብትዪ ከቃሉ ተነስተሽ ተናገርሽ ማለት ነው። ቦታ እንዲኖርሽ «ድምጸቱ ናፍቆትና ስጋት እንዳለበት ያሳያል» የሚለውን «የናፍቆትና የስጋት ነው» ብለሽ አሳጥሪው።

ጓሳ

ውይይቱን ስከታተል ቆየሁ። ዩኒቨርሲቲ ነው የምማረው፣ መምህር አይደለሁም። አንድ ነገር ማንም አላነሳም። ተናጋሪው «እናቴ» ይላል። እሺ። ታዲያ የሄደው ልጅ ለተናጋሪው ወንድሙ ነው። ለምን «ወንድሜን የወሰደው» አላለም? «ልጇን» ነው ያለው። የራሱን ወንድም በእናቱ በኩል ብቻ ነው የሚጠራው። ከዚያ ባናው ለሁለት ይሰፋል ተባለ። ለእናትና ለሄደው ልጅ ከሆነ፣ ደጃፍ ላይ አብሯት ያለው ተናጋሪ የት ተኛ? ለኔ ድምጸቱ ውስጥ የቀረው ልጅ ቅያሜ አለበት። እቤት የቀረ፣ እናቱን ሲያያት የዋለ፣ ባና ያልተሠራለት ልጅ።

የላሎ ልጅ

ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። እኔም ወንድሜ አዲስ አበባ ሄዶ እኔ ነኝ ከእናቴ ጋር የቀረሁት። ይህን ብጽፍ ነጥብ ያሰጣል መምህር?

ጥቁር ሰሌዳ

ከ«ልጇን» እና ከ«ለሁለት» ተነስተሽ ከጻፍሽው እኔ እሰጣለሁ። ሁለት ማስረጃ አለው። ግን ካንቺ ሕይወት ተነስተሽ እንዳትጽፊው። «እኔም እንዲህ ሆኜ» የሚል ነገር ወረቀቱ ላይ አይግባ። ደግሞም «ቅያሜ» የሚለው ቃል ለኔ ጠንከር አለብኝ። ተናጋሪው የእናቱን እጅ በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ነው የሚያየው። የተቀየመ ሰው እንዲህ ያያል ወይ? «የተተወ ሰው ዝምታ» ብትዪ ይሻላል።

ጌራ ምድር

መምህር፣ ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ምጣኔው ይጠቅማል። «ልጇን የወሰደው» ስድስት ቀለም ነው። «ወንድሜን የወሰደው» ቢባል ሰባት ይሆናል፤ ወል ቤቱ ይሰበራል። ስለዚህ ገጣሚው «ልጇን» ያለው ተገዶ ነው። ከዚያ ላይ ቅያሜ ማውጣት አይቻልም።

ጥቁር ሰሌዳ

ጌራ ምድር፣ ይህ ጥሩ ክርክር ነው። ምጣኔ ሲቆጠር ነጥብ የሚያመጣው እንዲህ ወደ ትርጉም ሲገባ ነው። ቅድም ያልኩህ ሳትጠየቅ ቆጥረህ ብቻ እንዳታስቀምጠው ነበር።

ጓሳ

ግን ተገደደ ማለት አይቻልም። «ወንድሜን የሳበው፣ ያ ቁልቁለት ነው ወይ?» ቢል ስድስት ነው፣ ልክ ይገባል። ምርጫ ነበረው። አልመረጠውም።

ጌራ ምድር

ቆጠርኩት፣ ልክ ነህ፣ ስድስት ነው። ግን «ሳበው» ሲባል ልጁ ወዶ የሄደ ይመስላል። «ወሰደው» ሲባል ተነጥቆ ነው። ገጣሚው «ወሰደው» የሚለውን ፈልጎ፣ ለሱ ብሎ «ወንድሜን» ትቶ ሊሆን ይችላል።

እንዝርት

ልጆቼ፣ ለሁለት የሚሰፋ ባናማ ለልጁና ለሚስቱ ነው። እናት ለወንድ ልጇ ስትፈትል የምታስበው ሲያገባ ነው። እሷ ከልጇ ጋር ልትተኛበት ነው እንዴ? አግብተህ ና ማለቷ ነው።

የላሎ ልጅ

እትዬ ያሉት ከሆነ «እኔ አለኝ ሙቀት» የሚለው ምን ሊሆን ነው? ባናውን ለእነሱ ሰጥታ፣ እኔ አይበርደኝም ማለቷ ይሆን? እንዲያ ከሆነ ጭብጤን መቀየር አለብኝ። ሰኞ መምህራችን ክፍል ሲገቡ «ልጇን» ለምን እንዳሉ እጠይቃቸውና እዚሁ እጽፋለሁ።

ጥቁር ሰሌዳ

ጠይቂያቸው። ግን መልሳቸውን ከመስማትሽ በፊት ሦስቱን ንባቦች፣ የጓሳን፣ የእትዬን፣ የራስሽን፣ እያንዳንዳቸውን በ30 ቃል ጽፈሽ ይዘሽ ግቢ። እያንዳንዱ ላይ ቢያንስ አንድ የተጠቀሰ ቃል ይኑር። ጭብጥሽን አሁን አትቀይሪው፤ የእትዬ ንባብ ከገባም «ሙቀት በእጇ በመሥራት» የሚለው እንዳለ ይቆማል፤ የሚለወጠው ሙቀቱ ለማን እንደሆነ ነው።